የተማሪ ቅናሽ ለምን ያተርፋል? የአንድ ባለ ሲኒማ ታሪክ

ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ለዚህ ትምህርት ብዬ ያዘጋጀሁት ነው። ባለ ሲኒማውም ትኬት ቆራጯም በእውን የሚታወቁ ሰዎች አይደሉም፤ ቁጥሮቹንም የመረጥኳቸው ስሌቱን ሳትጽፉ በልባችሁ እንድትከተሉት ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚሠራው የዋጋ ሕግ ግን እውነተኛ ነው። ተማሪ መታወቂያውን አሳይቶ በርካሽ በሚገባበት ሲኒማ ሁሉ ይሠራል፤ ብዙ ሰው ግን ቅናሹን እንደ ምጽዋት ያየዋል። ምጽዋት አለመሆኑን ዛሬ አብረን እናሰላለን።

ሲኒማ ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ነው እንበል። ቦታው ለታሪኩ አስፈላጊ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ ላይ፣ የሳይንስ ግቢው ደግሞ አራት ኪሎ ላይ ስለሆነ ከቀትር በኋላ አካባቢው በወጣት ይሞላል። አዳራሹ 300 ወንበር አለው። የመግቢያ ዋጋው ለማንኛውም ሰው 120 ብር ነው። ቅዳሜ በ12 ሰዓት ወንበር አይገኝም፤ ማክሰኞ በ10 ሰዓት ግን የሚገባው 90 ሰው ብቻ ነው። ባለ ሲኒማው በየሳምንቱ በጨለማው ውስጥ ቆመው 210 ባዶ ወንበር ይመለከታሉ።

እስቲ በዚህ ባዶ ወንበር ላይ ትንሽ እንቆይ። ማክሰኞ በ10 ሰዓት ያልተሸጠ ወንበር ለረቡዕ አይተርፍም። ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ዛሬ ያልሸጠውን ነገ ይሸጣል፤ ባለ ሲኒማው የሚሸጡት ግን የአንድን ሰዓት መቀመጫ ነው፣ ሰዓቱ ሲያልፍ ዕቃውም ያልፋል። በሌላ በኩል አንድ ተጨማሪ ተመልካች ቢገባ ወጪያቸው አይጨምርም። ፕሮጀክተሩ ለአንድ ሰውም ለ300 ሰውም ያንኑ መብራት ይበላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚያቃጥለው ነዳጅ አንድ ነው። የዘበኛው፣ የአስተናጋጁና የማሽን ሠራተኛው ደመወዝ በወር የተቆረጠ ነው። ከእያንዳንዱ ትኬት ጋር የሚወጣ ገንዘብ ቢኖር የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ድርሻ ብቻ ነው፤ በእኛ ታሪክ ውላቸው ገቢውን እኩል ለእኩል መካፈል ነው። ግብሩን ለስሌቱ ቅለት እንተወው። እንግዲህ ወጪው ከተመልካቹ ብዛት ጋር ካልተለወጠ፣ ትርፍ መፈለግ ማለት በየማሳያው የሚሰበሰበውን ገንዘብ ከፍ ማድረግ ማለት ነው። 90 ሰው በ120 ብር 10,800 ብር ያመጣል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ባለ ሲኒማው መጀመሪያ ያደረጉት ማንኛችንም የምናደርገውን ነው፤ ዋጋውን ለሁሉም ቀነሱ። በሥራ ቀናት የ10 ሰዓቱ ማሳያ 70 ብር ሆነ። አዳራሹ ወዲያው ተለወጠ። 90 የነበረው ተመልካች 150 ደረሰ፤ ሳቁ ጨመረ፣ ከፊልሙ በኋላም ደጃፉ በወሬ ደመቀ። እሳቸውም ደስ አላቸው። በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ሲዘጋ ግን እያንዳንዱ ማሳያ ያስገባው በአማካይ 10,500 ብር ነበር። 60 ሰው ጨምሮ 300 ብር ጎደለ። ባለ ሲኒማውም “ቅናሽ ያከስራል” ብለው ፈረዱ፤ ዋጋውን ወደ 120 መለሱት። አዳራሹም ወደ ቀድሞው ባዶነቱ ተመለሰ።

ብዙ የንግድ ሰው ነገሩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። ስሌታቸው ስህተት አልነበረውም፤ በእርግጥም ገቢው ወርዷል። የጎደላቸው ነገር 150ው ሰው እነማን እንደሆኑ ማወቅ ነበር። ሒሳብ መዝገቡ የሚያውቀው የትኬት ብዛትና ገንዘብ ብቻ ነው። ትኬት የቆረጠችው ልጅ ግን ፊት ለፊት ታያቸው ነበርና አንድ ቀን እንዲህ አለቻቸው፦

“ጋሼ፣ ዋጋው ሲቀንስ የጨመሩት ተማሪዎቹ ናቸው እኮ። የቢሮዎቹ ሰዎች በ120ውም ይመጡ ነበር፣ በ70ውም የመጡት እነሱው ናቸው።”

“በምን አወቅሽ?” አሏት።

“ተማሪዎቹ አራትም አምስትም ሆነው ነው የሚመጡት፣ ገንዘብ አዋጥተው። ሲወደድ ግን እዚሁ ዋጋውን አንብበው ይመለሳሉ።”

ባለ ሲኒማው አስተዋይ ሰው ናቸው፤ ነገሩን በወሬ አልተቀበሉትም፣ በወሬም አልጣሉትም። አንድ ደብተር ሰጧትና ለሁለት እንድትከፍለው ነገሯት፤ በአንድ በኩል ተማሪ፣ በሌላ በኩል ሌላው ሰው። ከዚያም ዋጋውን እያፈራረቁ አንድ ሳምንት 120፣ አንድ ሳምንት 70 አደረጉት። ማፈራረቁ ትልቅ ብልሃት ነው። የመጀመሪያው ሙከራቸው አንድ ወጥ ወር ስለነበረ፣ በዚያ ወር ጥሩ ፊልም ገጥሟቸው ይሁን፣ ጾም ይሁን፣ ፈተና ይሁን፣ ዝናብ ይሁን መለየት አይቻልም ነበር። ሳምንት በሳምንት ሲፈራረቅ ግን እነዚህ ምክንያቶች በሁለቱም ዋጋዎች ላይ በተቀራራቢ መጠን ይወድቃሉ፤ የሚቀረው ልዩነት የዋጋው ነው ለማለት የተሻለ መብት ይኖራል።

ደብተሩ የተናገረው ይህን ነው። በ120 ብር የሚገቡት 90 ሰዎች፣ 80ው ተማሪ ያልሆኑ፣ 10ሩ ተማሪዎች ነበሩ። በ70 ብር የሚገቡት 150 ሰዎች፣ 90ው ተማሪ ያልሆኑ፣ 60ው ተማሪዎች ናቸው። አሁን ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ እናስላ።

ተማሪ ያልሆኑት በ120 ብር 9,600 ብር ይከፍሉ ነበር። ዋጋው ወደ 70 ሲወርድ አዲስ የመጡት 10 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ በፊትም ይመጡ የነበሩት 80ዎቹ ግን እያንዳንዳቸው 50 ብር ያነሰ ከፈሉ። ከእነሱ የሚገኘው ገንዘብ ወደ 6,300 ብር ወረደ፤ 3,300 ብር ጠፋ። ተማሪዎቹስ? በ120 ብር 10 ሆነው 1,200 ብር ይከፍሉ ነበር። በ70 ብር 60 ሆኑና 4,200 ብር ከፈሉ፤ 3,000 ብር ተገኘ። 3,000 ተገኝቶ 3,300 ሲጠፋ፣ የጎደለው ያ 300 ብር ነው። አንዱ ቅናሽ በአንድ እጁ እየሰጠ በሌላ እጁ ይወስድ ነበር፤ አጠቃላይ ድምሩ ግን ሁለቱን እጆች ሸፍኗቸው ነበር።

ግኝቱ ይኸው ነው። የቅናሽ ኪሳራ የሚመጣው በአዲሱ ሰው አይደለም። አዲሱ ሰው 70 ብር ይዞ መጥቶ፣ ባዶ በነበረ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። ኪሳራው የሚመጣው በሙሉ ዋጋም ይመጣ ለነበረው ሰው በሚሰጠው ቅናሽ ነው። ስለዚህ ጥያቄው “ዋጋ እንቀንስ ወይስ አንቀንስ?” አልነበረም፤ “ሲቀነስለት ብቻ የሚመጣውን ሰው፣ ሳይቀነስለትም ከሚመጣው በምን እንለየው?” የሚል ነበር። መልሱ ደግሞ በተማሪው ኪስ ውስጥ፣ ፎቶግራፍ ተለጥፎበት፣ በዩኒቨርሲቲው ማኅተም ተረጋግጦ ተቀምጧል።

ባለ ሲኒማውም ዋጋውን ለሌላው ሰው 120፣ መታወቂያ ላሳየ ተማሪ 70 አደረጉት። 80 ሰው በ120፣ 60 ተማሪ በ70፤ 9,600 እና 4,200 ሲደመር 13,800 ብር ሆነ። ከመጀመሪያው በ3,000 ብር ይበልጣል፤ የፕሮዲዩሰሩ ግማሽ ሲወጣ ለቤቱ በአንድ ማሳያ 1,500 ብር ይተርፋል። በ120ም ይገቡ የነበሩት 10 ተማሪዎች 50 ብር እንደተቀነሰላቸው፣ ያም 500 ብር እንደቀረ አትርሱ፤ ከላይ ያለው ስሌት ያን ጭምር ቆጥሮ ነው የደረሰው።

ተማሪው ለምን እንዲህ ለዋጋ ይሳሳል? ድህነት ብቻውን መልስ አይሆንም። ገንዘብ የሌለው ሰው ዋጋው 70ም ሆነ 120 ላይመጣ ይችላል፤ እንዲህ ዓይነቱ ሰው በቅናሹ አይነቃነቅም። ተማሪው የሚነቃነቀው በኪሱ ጥቂት ገንዘብ፣ በእጁ ደግሞ ሰፊ ጊዜና ሌላ ምርጫ ስላለው ነው። ማክሰኞ በ10 ሰዓት ክፍል ላይኖረው ይችላል። ፊልሙን ወደፊት በጓደኛው ስልክ ሊያየው፣ ወይም በዚያ ሰዓት ኳስ በሚያሳየው ቤት ሊቀመጥ ይችላል። የቢሮ ሠራተኛው ግን ከሥራ ሾልኮም ሆነ ዕረፍት ጠይቆ ከመጣ፣ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ነው፤ 50 ብር ውሳኔውን አይለውጠውም። ከ120 ወደ 70 የወረደው ዋጋ ከመቶ 42 ያህል ነው። በዚህ ቅናሽ የሠራተኞቹ ቁጥር በስምንት አንድ እጅ ብቻ ሲጨምር፣ የተማሪዎቹ ስድስት እጥፍ ሆነ። የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን “የፍላጎት መለጠጥ” ይሉታል፤ ሕጉም ፍላጎቱ በብዙ ለሚለጠጠው ወገን ዝቅ ያለ ዋጋ፣ ለማይለጠጠው ከፍ ያለ ዋጋ ይሁን ይላል።

ነገሩ በሳይንስ መልክ ከተጻፈ ቆይቷል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዡል ዱፑዊ እ.ኤ.አ. በ1849 ስለ ድልድይና ስለ ባቡር ክፍያ ሲጽፍ፣ በዘመኑ የሦስተኛ ማዕረግ የባቡር ፉርጎዎች ጣሪያ አልባ የነበሩት ጣሪያ ውድ ስለሆነ እንዳልነበረ አስረድቷል። ኩባንያዎቹ የፈለጉት የሁለተኛውን ማዕረግ ዋጋ መክፈል የሚችለው መንገደኛ ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድ ማስፈራራት ነበር። ይኸም ያው የመለየት ጥያቄ ነው፤ ኩባንያዎቹ መታወቂያ ስላልነበራቸው ድሃውን በፀሐይና በዝናብ ለዩት። እንግሊዛዊው አርተር ሲሲል ፒጉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው መጽሐፉ የዋጋ መለያየትን በሦስት ደረጃ ከፈለው። በሚታይ ምልክት፣ ማለትም በዕድሜ፣ በሥራ፣ በቦታ ሰውን ከፋፍሎ የተለያየ ዋጋ መጠየቅ ሦስተኛው ደረጃ ነው፤ የተማሪ ትኬት የእሱ ወገን ነው። ከሁለቱ መንገዶች የመታወቂያው እጅግ ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም ርካሹን ወንበር ለማስጠበቅ ሲባል ወንበሩን ማበላሸት አያስፈልገውም።

ወደ ባለ ሲኒማው እንመለስ። ገንዘቡ ሲጨምር “70 ይህን ካመጣ 50 ብናደርገውስ?” አሉ። እንደ ልማዳቸውም በማፈራረቅ ሞከሩት። በ90 ብር 40 ተማሪ፣ በ70 ብር 60፣ በ60 ብር 68፣ በ50 ብር 75 መጣ። ከ90 ወደ 70 ሲወርዱ 20 አዲስ ተማሪ 1,400 ብር አመጣ፤ ቀድሞ ለነበሩት 40ዎቹ 20 20 ብር ስለተቀነሰላቸው 800 ብር ጠፋ፤ 600 ብር ተረፈ። ከ70 ወደ 60 ሲወርዱ ግን 8 አዲስ ተማሪ 480 ብር ሲያመጣ፣ ለነበሩት 60ዎቹ 10 10 ብር ስለተቀነሰላቸው 600 ብር ጠፋ። 120 ብር ከሰሩ። በ50ማ ገቢው 3,750 ብር ብቻ ሆነ። በተማሪው ወገን በራሱ ውስጥም ያው ሕግ ይሠራል ማለት ነው፤ ቅናሹ አዲስ ሰው በሚያመጣው ገንዘብና ከነባሩ በሚያስቀረው ገንዘብ መካከል ይመዘናል፣ ሚዛኑም አንድ ቦታ ላይ ይገለበጣል።

እዚህ ላይ የፈንዲሻው ነገር ይገባል። የፈንዲሻና የለስላሳ ሽያጭ ከፕሮዲዩሰሩ ጋር አይካፈሉትም፤ ሙሉ በሙሉ የቤቱ ነው። ከአሥር ተማሪ ሦስቱ ፈንዲሻ ቢገዙና ከእያንዳንዱ 20 ብር ቢተርፍ፣ በቅናሹ የመጡት 50 አዳዲስ ተማሪዎች 300 ብር ተጨማሪ ትርፍ ይዘው ይመጣሉ። ይህ ደግሞ ትክክለኛውን ዋጋ ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ከ70 ወደ 60 መውረድ ከትኬት 120 ብር ያከስራል አልን፤ የቤቱ ድርሻ ግማሹ፣ 60 ብር ነው። 8ቱ አዳዲስ ተማሪዎች ከፈንዲሻ በአማካይ 48 ብር ካመጡ፣ የቤቱ ኪሳራ 12 ብር ብቻ ይሆናል። ለባለ ሲኒማው 60ና 70 ብር እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው፤ ፈንዲሻ የማይደርሰው ፕሮዲዩሰር ግን 60 ብሩን ሙሉ በሙሉ ይከስራል። በብዙ አገር በፊልም አከፋፋይና በሲኒማ ቤት መካከል ስለ ቅናሽ ጭቅጭቅ የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቅናሽ ያሰበ ባለ ሲኒማ ደብተሩን ይዞ አስቀድሞ ከፕሮዲዩሰሩ ጋር መነጋገር አለበት፤ ውሉ ዝቅተኛ የትኬት ዋጋ ወስኖ ከሆነም ያን ማክበር ግዴታው ነው።

ባለ ሲኒማው ከዚህ በኋላ የገጠማቸው ችግር የተወለደው ከስኬታቸው ነው። ማክሰኞ ካተረፈ ቅዳሜም ያተርፋል ብለው ቅናሹን ለሳምንቱ ሁሉ ዘረጉት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ለ12 ሰዓቱ ማሳያ 110 ተማሪዎች ቀድመው ተሰለፉ፣ 300ው ወንበር ሞላ፣ 120 ብር በእጃቸው የያዙ 40 ሰዎች ከበር ተመለሱ። ያን ምሽት 40 ወንበር 120 ብር ሊያወጣ ሲችል በ70 ተሸጠ፤ 2,000 ብር ቀረ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መዝገቡ ላይ ምንም አለመታየቱ ነው፤ መዝገቡ “አዳራሹ ሙሉ ነበር” ይላል፣ የተመለሰውን ሰው የሚጽፍ የለም። የነገረቻቸው ያችው ትኬት ቆራጭ ናት። ማክሰኞ ተማሪው የሚቀመጠው በባዶ ወንበር ላይ ስለሆነ ወንበሩ የሚያስወጣው ነገር የለም። ቅዳሜ ግን የወንበሩ ዋጋ ከበር የሚመለሰው ሰው ሊከፍል የነበረው 120 ብር ነው። ስለዚህ ቅናሹን ከሰኞ እስከ ሐሙስ በ10 ሰዓቱ ማሳያ ወሰኑት። አንዳንድ የቅዳሜ ተማሪዎችም ወደ ማክሰኞ ዞሩ። ይህ በሌላ ጊዜ ኪሳራ ይሆን ነበር፤ ቅዳሜ ወንበር የሚፈልግ ሌላ ሰው ስላለ ግን የተለቀቀው ወንበር በሙሉ ዋጋ ተሸጠ።

ሌላው ችግር ተማሪ ሳይሆኑ በተማሪ ዋጋ መግባት ነው። የወንድሙን መታወቂያ የሚያሳይ አለ፣ ከተመረቀ ዓመታት ያለፉት ሰው አሮጌውን መታወቂያ ያወጣል፣ አንዱ ተማሪ ደግሞ ለቤተሰቡ ሁሉ ሊቆርጥ ይፈልጋል። ባለ ሲኒማው መጀመሪያ ተናደው በር ላይ ፍተሻ ሊያበዙ አሰቡ። እኔ በቦታቸው ብሆን አስቀድሜ አሰላ ነበር። አንድ ሠራተኛ በተማሪ ዋጋ ሲገባ 50 ብር ይጎድላል። ቅናሹ በአንድ ማሳያ 3,000 ብር ስለሚያስገኝ፣ ጥቅሙን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት ከ80ዎቹ ሠራተኞች 60ው ማጭበርበር አለባቸው። አምስት ስድስት ሰው ቢያመልጥ 300 ብር ነው፤ ለዚያ ብሎ እውነተኛውን ተማሪ በር ላይ በጥያቄ ማዋረድ ይበልጥ ያከስራል። የበቃቸው ቀላል ነገር ነው፦ ለአንድ መታወቂያ አንድ ትኬት፣ የተማሪው ትኬት በሌላ ቀለም፣ መታወቂያውም መስኮቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በሩም ላይ ይታይ። ይህ የመጨረሻው ደንብ ተማሪው ትኬት ገዝቶ ለሌላ እንዳይሸጥ ያግዳል። በስኳር ወይም በሲሚንቶ ለተማሪ ልዩ ዋጋ ቢወጣ በማግስቱ ገበያው ላይ ተመልሶ ይሸጥ ነበር፤ የሲኒማ ወንበር ግን ገዢው ራሱ ገብቶ የሚቀመጥበትና ለሌላ የማይተላለፍ ስለሆነ ዋጋ ለመለያየት የሚመች ዕቃ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ማንም ያልተጎዳበት ታሪክ ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ድሮው 120 ነው፣ ተማሪው ቀነሰለት፣ ቤቱም ፕሮዲዩሰሩም አተረፉ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም፤ ይህን ሳልነግራችሁ ብወርድ ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። ባለ ሲኒማው መጀመሪያ ላይ 70 በመሞከር ፈንታ ለሁሉም 90 ብር አድርገው ቢሆንስ? 86 ሠራተኛና 40 ተማሪ፣ በጠቅላላው 126 ሰው ገብቶ 11,340 ብር ያገኙ ነበር። ይህ ከ10,800ው ስለሚበልጥ በዚያው ይረጉ ነበር፤ 90 ብርም የቤቱ የታወቀ ዋጋ ይሆን ነበር። ከዓመታት በኋላ ዋጋ መለያየትን ሲማሩ ተማሪውን ወደ 70 ያወርዱታል፣ ሠራተኛውን ግን ወደ 120 ያወጡታል። ያን ጊዜ በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ “ለተማሪ ቅናሽ” ቢልም 80 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 30 ብር የተጨመረባቸው፣ 6 ሰዎችም መምጣት የተዉበት ለውጥ ነው። ጆአን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመችው መጽሐፏ ያብራራችው ይህንኑ ነው፤ ዋጋ ሲለያይ በደካማው ገበያ ይወርዳል፣ በጠንካራው ይወጣል። ሪቻርድ ሽማለንሲ እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ማኅበረሰቡ በጠቅላላው ተጠቀመ ለማለት ቢያንስ የተመልካቹ ጠቅላላ ቁጥር መጨመር እንዳለበት አሳይቷል። በእኛ ምሳሌ 126 የነበረው 140 ስለሚሆን ያን መስፈርት ያልፋል፤ 30 ብር የተጨመረበትን ሠራተኛ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን አያጽናናውም።

እንግዲህ አንድ ቤት “ለተማሪ ቅናሽ አደረግሁ” ሲል ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁ። የሌላው ሰው ዋጋ በዚያው ሰሞን ተነካ ወይ? በጠቅላላው ሰው ጨመረ ወይስ ያው ተመልካች በሁለት ዋጋ ተከፈለ? ሁለቱንም ማንም ተመልካች በዓይኑ አይቶ ሊመልሰው ይችላል።

በመጨረሻ የማነሳው የሚከብደኝን ነው። መታወቂያው የሚለየው ድሃን ከሀብታም አይደለም፤ ተማሪን ተማሪ ካልሆነ ብቻ ነው። በመኪና ተሸኝቶ የሚመጣ የሀብታም ልጅ 70 ብር ሲከፍል፣ በእሱው ዕድሜ ያለና በዚያው መንገድ ዳር ጫማ የሚጠርግ ወጣት 120 ይጠየቃል። ወጣቱ ለዋጋ የሚሳሳው ከተማሪው እኩል ወይም የበለጠ ነው፤ ሲቀነስለት ይመጣ ነበር፣ ባዶው ወንበርም አለ። በባለ ሲኒማው ሒሳብ እንኳ እሱን ማስቀረት ኪሳራ ነው፤ የጎደለው ማረጋገጫ ወረቀት ብቻ ነው። ይህን ችግር በወረቀት መፍታት አይቻልም፣ በሰዓት ግን በከፊል ይቻላል። ሠራተኛ ፈጽሞ ሊመጣ በማይችልበት ሰዓት፣ ለምሳሌ በሥራ ቀን ጠዋት በ4 ሰዓት፣ አንድ ማሳያ ለማንኛውም ሰው በ70 ብር ቢከፈት፣ 120 የሚከፍለው ሰው ወደዚያ አይሸሽም፣ ወጣቱም መታወቂያ ሳይጠየቅ ይገባል። የማሳያው ነዳጅና የሠራተኛ ሰዓት ተጨማሪ ወጪ ስለሆነ፣ ያዋጣ እንደሆነ በደብተር ለክቶ ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሲኒማ፣ ቴአትር ወይም ሌላ በሰዓት የሚሸጥ መቀመጫ ያላችሁ ካላችሁ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዋጋችሁን ከመንካታችሁ በፊት ትኬት ቆራጫችሁን ጠይቁ፣ ደብተሩንም ክፈሉላት። ከዓምዶቹ አንዱን ደግሞ ዋጋውን አንብቦ ለሚመለሰው ሰው ተዉለት።